«እኔ ደህና ነኝ» የሚል ካርድ

ወቅቱ የምርቃት ነውና ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን ካርድ ገዝታችሁ ምን እንደምትጽፉበት እያሰባችሁ ይሆናል። እኛ በአንድ ቀን የተመረቅን ሁለት እህትማማቾች ነን። በዚያን ቀን 14 ካርድ ተቀብለናል፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለ እርሱ ልንነግራችሁ ወደድን።

ካርዱ የመጣው ካደግንባት ከገነተ ማርያም ነው። ላስታን የሚያውቅ መንደራችንን ያውቃታል። ከአንድ ዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነጽሑፉ ግድግዳው ላይ አለ፤ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛ ካርድ ግን ሱቅ የሚያውቀው አልነበረም። ጓደኛችን የሳሙና ካርቶን ለሁለት አጥፋ፣ በውስጡ ከደብተር የተገነጠለ ሉክ በዱቄት ሙጫ ለጥፋ ሠራችው። ዳሩን በቀይ እስክሪብቶ አስምራዋለች። አጎታችን በበሶ ከረጢት ውስጥ ከትቶ አመጣልን፤ ስንከፍተው በሶው ጭናችን ላይ ፈሰሰ።

እንዲህ ይላል፦

«እንኳን ደስ አላችሁ።
ለታላቋ፦ ጎኔን የወጋሽበት ክርን አሁንም ያመኛል።
ለታናሿ፦ ያበደርሽኝን እርሳስ አልመለስኩም፤ አልመልስምም።
ሥራ ይስጣችሁ። ሥራ እስኪሰጣችሁ ትዕግሥት ይስጣችሁ።
እኔ ደህና ነኝ።»

ያለው ይኸው ነው። ከሥር ስሟ አለ፤ ፊርማ የለውም።

ክርኑንና እርሳሱን ካላስረዳናችሁ ካርዱ አይገባችሁም። ሦስታችን በላሊበላ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ ተማርን። የገጠር ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ይኬዳል፣ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ። አልጋችን አንድ ስለነበረች ሦስታችን ተጠጋግተን እንተኛለን። መብራት ሲጠፋ በአንድ ኩራዝ እናነባለን፤ ጓደኛችን ቶሎ ታንቀላፋለች፣ ታላቋ ደግሞ «ተነሺ፣ ፈተና አለ» እያለች በክርኗ ጎኗን ትወጋታለች። እርሳሱ የዚያው ክፍል እርሳስ ነው።

ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። መብራቱም ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ፤ እኛም ወደየቤታችን ተበተንን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሌላው አገር ሲሰጥ እኛ ጋ የሚፈትንም የሚፈተንም አልነበረም። በጦርነቱ ያመለጣቸው ተማሪዎች በሁለተኛ ዙር እንዲፈተኑ ሲደረግ እኛ ሄድን። እርሷ አልሄደችም። እናቷ በዚያው ሰሞን በጠና ታመው ነበር፤ ከእርሷ በቀር የሚያስታምማቸው ሰው አልነበረም። «ሂዱ፣ እኔ የሚቀጥለው ዓመት እፈተናለሁ» አለችን። የሚቀጥለው ዓመት መጣ፣ ሄደ። ሌላውም እንዲሁ።

ስለዚህ ካርዱ እጃችን ሲገባ ከሁሉ ይልቅ የያዘን የመጨረሻው መስመር ነበር። እውነት ደህና ናት? ወይስ በእኛ ደስታ ላይ ጥላ እንዳይወድቅ ብላ ነው? ደግሞ ሌላ ነገርም ነበር። ግቢ ከገባን በኋላ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ጌታን እንደ ግል አዳኝ ተቀብለን ነበር፤ ወሬውም መንደራችን ደርሷል። አንዳንዱ ዘመድ ሰላምታውን ቀንሷል። እርሷ በዚያችው በገነተ ማርያም ክርስትና የተነሳች፣ ዛሬም የምታስቀድስ ናት። ስለዚህ ከእርሷ አንድ ቃል እንኳ ይመጣል ብለን አልጠበቅንም ነበር። ካርዷ ስለዚያ ጉዳይ ምንም አይልም። ስለ ክርን ነው የሚያወራው።

አንድ ምሽት ካርዶቹን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተን አየናቸው። ከሱቅ የተገዙት ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ «እንኳን ደስ አለህ/ሽ» የሚል ታትሞባቸዋል። አማርኛ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ግሱ ራሱ የሚያናግረው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አፉን አይከፍትም። ወንድ ነህ? ሴት ነሽ? ትልቅ ሰው ነዎት? ብዙ ናችሁ? ማተሚያ ቤት ይህን ሊያውቅ ስለማይችል መሐል ላይ ጭረት ያስገባል። ከላኪዎቹ አንዱ «ህ» የምትለዋን እንኳ ሳይሰርዝ ነው የሰጠን። ጓደኛችን ግን መጀመሪያ «አላችሁ» ብላ ሁለታችንን በአንድ ላይ ጠራች፣ ቀጥላ «የወጋሽበት»፣ «ያበደርሽኝ» እያለች ለየብቻ አነጋገረችን፣ ምርቃቱ ላይ እንደገና «ይስጣችሁ» ብላ አንድ አደረገችን። አስባበት እንደሆነ አናውቅም። ግን ከ14ቱ ካርዶች ሁለት ሰዎች መሆናችንን ያስታወሰው የእርሷ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር አየን። ከኅብረት ወንድሞችና እህቶች ከመጡት ካርዶች ዘጠኙ ላይ አንድ ጥቅስ ተጽፏል፦ ኤርምያስ 29፥11። ቁጥሩን ብቻ ስንጠራው ቃሉ ትዝ እንደሚላችሁ እርግጠኞች ነን፤ እኛም ለሌሎች ስንቴ ጽፈነዋል። የዚያን ምሽት ግን ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብነው። ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ነቢዩ ከኢየሩሳሌም፣ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ይጽፋል፤ የሳፋን ልጅ ኤልዓሣና የኬልቅያስ ልጅ ገማርያ በእጃቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ የእኛ በበሶ ከረጢት እንደመጣው ማለት ነው። ደብዳቤው መልካሙን ተስፋ ከመናገሩ በፊት ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጅ ውለዱ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ገና 70 ዓመት አለ። ይህ ቁጥር 10 ላይ ነው፤ ካርዶቻችን ላይ ከተጻፈው ቁጥር በአንድ ብቻ ይቀድማል። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ሰው «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» የሚል ትንቢት ተናግሮ ነበር፤ ኤርምያስም ተቃውሞታል። ወንድሞቻችንን መውቀሳችን አይደለም፤ በፍቅር እንደጻፉት እናውቃለን። ነገር ግን 10ን ትተን 11ን ብቻ ስንጽፍ ሳናውቀው ወደ ሐናንያ ጠጋ የምንል መሰለን። ጓደኛችን አንድም ጥቅስ አልጻፈችም። «ሥራ እስኪሰጣችሁ ትዕግሥት ይስጣችሁ» ስትል ግን የቁጥር 10ን ሥራ ሠርታለች።

ይህን በኑሮም አየነው። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ሁለታችንም አልፈን፣ ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ የጠበቀን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሥራ ፈለግን። ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ ስለ ብሩህ ነገ የሚናገሩትን ካርዶች ማየት ከብዶን ነበርና ጠቅልለን አነሳናቸው፤ ቤት ስንቀይር በዚያው ጠፉ። የሳሙና ካርቶኑ ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

እስከዚያ ድረስ መልስ አለመጻፋችንን መናዘዝ አለብን። ስልክ ሲገኝ ደውለናል፤ «አመሰግናለሁ» ብለናል። ስለ «ደህና ነኝ» ግን አልጠየቅናትም፤ መልሱን ፈርተን ነበር። በመጨረሻ ለመጻፍ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ረቂቃችን «አንቺም አንድ ቀን ትመረቂያለሽ» ይል ነበር። ታናሿ ጮክ ብላ ስታነበው ደነገጥን። የምትኖረውን ኑሮ፣ እናቷን ያዳነችበትን፣ የምታርሰውንና የምትሸጠውን ሁሉ የምርቃት መጠበቂያ ክፍል አድርጎባት ነበር። ቀደድነው። ሁለተኛው ረቂቅ ገጽ ተኩል ሆነ፤ ምክርም ምስጋናም ስብከትም ነበረበት። ስሟን በሌላ ሰው ስም ተክተን አነበብነው፤ ያለ ምንም ችግር ለሌላ ሰው ሆነ። እርሱንም ቀደድነው።

ሦስተኛው አራት መስመር ነው። መጀመሪያ በኩራዙ ብርሃን ተኝታ ስታንኮራፋ የነበረውን ጻፍን። ቀጥሎ የእናቷን ስም ጠርተን «ስላስታመምሻቸው ዛሬ አሉ» አልን። ምርቃት አንድ ብቻ፦ «በሬዎችሽን ይጠብቅልሽ»። በመጨረሻም ለወራት ያልጠየቅነውን ጥያቄ፦ «እውነት ደህና ነሽ?»

በፖስታ አልላክነውም፤ ራሳችን ይዘነው ሄድን። በርጩማ አውጥታ ከደጃፉ አስቀመጠችን፣ እናቷ ቡና አቀረቡ። ካርዱን ተቀብላ ቆማ አነበበች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆም ብላ «ይሄ ‹ሏ› ነው ‹ላ›? የተማረ ሰው እንዲህ ይጽፋል?» ብላ ሳቀችብን። ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር ደረሰችና ዝም አለች። እናቷ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠበቀች።

«የዚያን ጊዜ አልነበርኩም» አለች። «ካርዱን የጻፍኩት ማታ አልቅሼ፣ ጠዋት ነው። እንደዚያ ስጽፈው ግን ሊሆን የሚችል መሰለኝ።»

«አሁንስ?»

ወደ ማሳው እያየች ትንሽ አሰበች። «አሁን በከፊል» አለች። ታናሽ ወንድሟ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ገብታ ደብተሩን አምጥታ ልታሳየን ስትገልጠው በመሐሉ ከጣት ያጠረ እርሳስ ወደቀ፤ ጫፉ በጥርስ የተበላ ነው። ታናሿ ወዲያው አወቀችው፣ እጇንም ዘረጋች።

ጓደኛችን አነሳችውና ደብተሩ ውስጥ መልሳ ከተተችው።