ክቡራን እንግዶች፦ ከላንጋኖ መድረኮች የቀሰምኩት

አዲስ አበባ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ከቢሮ ርቀው መወያየት ሲፈልጉ ወደ ላንጋኖ ይወርዳሉ። እኔም መድረክ እየመራሁ አብሬ ስወርድ ዓመታት አልፈዋል። አጀንዳው አንድ ቀን ጤና፣ አንድ ቀን ውኃ፣ ሌላ ቀን ትምህርት ነው። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ያለው ጥያቄ ግን አይለወጥም፤ ማን ቀድሞ ይጠራ? በምን ማዕረግ? ማንስ በጅምላ ሰላምታ ይታለፍ? ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ የያዝኳቸው ልማዶች ናቸው።

1. ዝርዝሩ የሚጸድቀው ጠዋት፣ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው

የሰላምታው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በፊት በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተዘጋጅቶ ይመጣል። ያኔ የተጻፈው የተጠሩትን ሰዎች ዝርዝር ነው፤ የመጡትን አይደለም። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ማታ አስቸኳይ ስብሰባ የተጠራበት ሚኒስትር ጠዋት ሚኒስትር ዴኤታውን ይልካል፣ ሚኒስትር ዴኤታው ደግሞ መሪ ሥራ አስፈጻሚውን። በአንድ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው የቀረውን እንግዳ ስም ከነማዕረጉ አንብቦ እንኳን ደህና መጡ ሲል፣ ወክላው የመጣችው ሴት ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ማንም ስሟን ሳይጠራ ሰዓቱ አለፈ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ስለዚህ ከመመዝገቢያው አጠገብ ቆሜ ለእያንዳንዱ የክብር እንግዳ ሦስት ነገር አጣራለሁ፦ ስም ከነአባት፣ የዛሬ ኃላፊነት፣ ራሱ ነው ወይስ ወኪል። “የዛሬ” የምለው ሹም ሽር ስለማይቋረጥ ነው፤ የጥሪ ደብዳቤው ላይ ያለው ማዕረግ የባለፈው ወር ሊሆን ይችላል። እንግዳውን በቀጥታ “ኃላፊነትዎ ምን ነበር?” ማለት ስለሚከብድ ከረዳቱ፣ ረዳት ከሌለው ከሾፌሩ እጠይቃለሁ። ሾፌሮች አይሳሳቱም።

ስሞቹን የምጽፈው ጠንከር ባለ ካርቶን ላይ ነው። ክፍት ዳስ ውስጥ ከሆንን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በስስ ወረቀት ይጫወትበታል።

ወኪል የሚጠራው በራሱ ስምና በራሱ ማዕረግ ነው፤ ከዚያ “የቢሮ ኃላፊውን ወክለው” ይጨመራል። ንግግር ካለው ደግሞ የሚያቀርበው በወከለው ሰው ተራ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ ተራው የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ማዕረጉ የሰውየው።

2. ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳታውቁ “እንኳን ደህና መጣችሁ” አትበሉ

የላንጋኖ ዳርቻ የአንድ ዞን ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን በምሥራቅ ሸዋ፣ ሌላው በአርሲ በኩል ባሉት ዞኖች ይተዳደራል። ከአዲስ አበባ የመጣ አዘጋጅ ይህን ስለማያውቅ አዳማ ደውሎ ምሥራቅ ሸዋን ይጋብዛል፤ ሆቴሉ የቆመው ግን ከሻሸመኔ በሚተዳደረው የምዕራብ አርሲ ዞን መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቦታ ስትይዙ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ “ግብር የምትከፍሉት ለየትኛው ወረዳ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የዚያ አስተዳደር ድርሻ ነው። የመክፈቻው ንግግር ደግሞ የከፍተኛው እንግዳ ነው። የጎረቤት ዞን አስተዳዳሪ ራሱ ከመጣ ሁለቱንም በስም እጠራለሁ፣ እንግዳውን አስቀድሜ። የቤቱ ባለቤት ኋላ ቢጠራ አይከፋውም።

3. በስም የሚጠሩት ጥቂት ይሁኑ፣ ድንበሩ ግን ለሁሉም ይታይ

አንድ የተለመደ ዓይነት ስብሰባ ልውሰድ፦ በውኃ ጥበቃ ላይ የሚደረግ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት። አዘጋጆቹ አንድ የፌዴራል ሚኒስቴር፣ የክልሉ ቢሮና አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ናቸው። የተገኙት ሚኒስትር ዴኤታዋ፣ ቢሮ ኃላፊውን የወከሉ ምክትል ኃላፊ፣ የአስተናጋጁ ዞን አስተዳዳሪ፣ የጎረቤት ዞን ተወካይ፣ ሁለት የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የድርጅቱ የኢትዮጵያ ዳይሬክተር፣ አባ ገዳዎች፣ ሀደ ሲንቄዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ናቸው። ምርቃቱ አልቆ ማይክሮፎኑ ወደ እኔ ሲመለስ እንዲህ እላለሁ፦

“ስለ ምርቃታችሁ አባ ገዳዎቻችንንና ሀደ ሲንቄዎቻችንን እናመሰግናለን። ክብርት ወይዘሮ እከሊት፣ የሚኒስቴሩ ሚኒስትር ዴኤታ፤ ክቡር አቶ እከሌ፣ የክልሉ ቢሮ ምክትል ኃላፊ፣ የቢሮ ኃላፊውን ወክለው የተገኙ፤ ክቡር አቶ እከሌ፣ የዞናችን አስተዳዳሪ፤ ዶክተር እከሌ፣ የድርጅቱ የኢትዮጵያ ዳይሬክተር፤ የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ አመራሮች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ተሳታፊዎች በሙሉ፤ እንኳን በሰላም ወደ ላንጋኖ መጣችሁ።”

ተረጋግቶ ለሚያነብ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በስም የተጠሩት አራቱ ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ ንግግር ያላቸው ናቸው፤ ድንበሩ ያ ነው። የጎረቤት ዞን ተወካይ ለምን እንዳልተጠራ ፕሮግራሙን ያየ ሰው ይገባዋል። ከሁለቱ የወረዳ አስተዳዳሪዎች አንዱን ስለማውቀው ብቻ በስም ጠርቼ ሌላውን በ“አመራሮች” ውስጥ ባልፈው ግን ቅሬታው ምሳ ላይ ይደርሰኛል። ወይ ሁለቱም ይጠራሉ፣ ወይ ሁለቱም በጅምላ ይታለፋሉ።

የሃይማኖት አባቶችን በአንድነት የምጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። የየትኛው ሃይማኖት አባት ይቅደም የሚለውን የመድረክ መሪ ሊወስነው አይገባም። አምባሳደሮች ሲበዙ ግን የተጻፈ ደንብ አለ። በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 16 መሠረት በአንድ ደረጃ ያሉ የሚሲዮን መሪዎች ቅደም ተከተል የሚወሰነው ሥራቸውን በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ነው። የትልቅ አገር አምባሳደር ስለሆነ፣ ወይም ብዙ ገንዘብ ስለሰጠ አይቀድምም። ገንዘብ ሰጪው ስብሰባውን ከሸፈነ በፕሮግራሙ ላይ ተራ ይኖረዋል፤ ቀዳሚነት ግን አይገዛም።

4. ማዕረግ አይደራረብም

ለሚኒስትር፣ ለሚኒስትር ዴኤታ፣ ለአምባሳደር “ክቡር” ወይም “ክብርት” ይባላል። የምክር ቤት አባል “የተከበሩ” ነው የሚባለው፤ አፈ ጉባኤው ግን “ክቡር አፈ ጉባኤ” ነው። “ክቡር ዶክተር አቶ” የሚል አንድ ቀን ሰምቻለሁ፤ ዶክተር ካሉ አቶ ይቀራል። አቡን ከመጡ “ብፁዕ አቡነ” በቂ ነው፤ “ክቡር ብፁዕ” ክብር አይጨምርላቸውም። ሼህ፣ ሐጂ፣ ፓስተር፣ አባ ገዳም እንደዚሁ በራሳቸው የቆሙ መጠሪያዎች ናቸው። አባ ገዳነት የስምንት ዓመት ሥልጣን ስለሆነ በሥልጣን ላይ ያሉት ማን እንደሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የቀድሞውን እንደ አሁኑ መጥራት ሁለቱንም ያሳፍራል። (በደርግ ጊዜ ሁሉም ሰው “ጓድ” ስለነበር ይህ ጣጣ የቀለለ ይመስላል። ትልልቆቹ እንደሚነግሩኝ ግን ያኔም የትኛው ጓድ ይቅደም የሚለው እንቅልፍ ይነሳ ነበር።)

ሌላው የሚያንሸራትተው ግሡ ነው። ሚኒስትር ዴኤታዋን ለብቻ ስናናግር “እንኳን ደህና መጡ”፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ስንቀበል “እንኳን ደህና መጣችሁ” ነው። ዝርዝሩ ሲረዝም ተናጋሪው በ“እርስዎ” ጀምሮ በ“እናንተ” ይጨርሳል። ስሞቹን ሁሉ ጠርቼ ግሡን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ የማመጣው ለዚህ ነው።

5. ምርቃቱ ይቅደም፣ ሰላምታውም ሁለት ጊዜ አይነበብ

በዚህ አካባቢ ስብሰባ በምርቃት ይከፈታል። አባ ገዳ በየሐረጉ ሲመርቁ ተሰብሳቢው “ሃ ተኡ” እያለ ይቀበላል። የሲንቄ ሥርዓት ሥሩ የጠነከረው በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ስለሆነ ሀደ ሲንቄዎች እዚህ የመድረክ ማስዋቢያ አይደሉም፤ የመመረቅ ተራ አላቸው። ምርቃቱ መርዘሙን አይቶ ማይክሮፎን ለመቀበል እጁን የሚዘረጋ መድረክ መሪ አይቻለሁ። ፕሮግራሙ ላይ አምስት ደቂቃ ተብሎ ከተያዘ አሥር አድርጋችሁ ያዙት። አባ ገዳዎቹ ከሚኒስትሩ በፊት ወይስ በኋላ ይጠሩ የሚለው ክርክር በዚሁ መንገድ ይበርዳል፤ ከምርቃቱ ቀጥሎ ምስጋናው ስለሚደርሳቸው ከባለሥልጣናቱ ጋር በተራ አይሰለፉም።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከፌዴራል የመጣው እንግዳ ደግሞ በአማርኛ ይናገራል። ዝርዝሩን በሁለት ቋንቋ ከነስሙ መድገም ጊዜ ይበላል። እኔ የምከፍተው በአፋን ኦሮሞ “አካም ጅርቱ፣ ባጋ ነጋን ዱፍተን” ብዬ ለሁሉም ነው፤ ስሞቹን በአንዱ ቋንቋ ብቻ እጠራለሁ። ንግግሩን ከዚያ በኋላ አስተርጓሚው ይይዘዋል።

6. “ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ” የመጀመሪያ ተናጋሪ ቃል አይደለም

ይህ አባባል የሚሠራው ከመድረክ መሪው ሙሉ ሰላምታ በኋላ ለሚመጡት ነው። ከዚያ በፊት የተጠበቀ ነገር የለም። ሁለተኛው ተናጋሪ ከፍተኛውን እንግዳ በስምና በማዕረግ ጠርቶ፣ “ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ክቡራንና ክቡራት” ብሎ ወደ ጉዳዩ ይግባ። ሦስተኛውም እንደዚሁ። ስድስት ተናጋሪ ባለበት መክፈቻ እያንዳንዱ ሙሉ ዝርዝር ካነበበ ሻይ ሊደርስ ሲል ነው ወደ አጀንዳው የምንገባው። ንግግር ለሚጽፉላቸው ረዳቶች ዋዜማውን ደውዬ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ማንም ተናጋሪ የራሱን መሥሪያ ቤት ሰላም እንዳይልም አብሬ አስታውሳለሁ፤ ጽሑፉን የጻፈው ሌላ ስለሆነ ይህ ከሚገመተው በላይ ይደርሳል።

7. የዘገየውን እንግዳ ንግግር አቋርጣችሁ አትቀበሉ

ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሳ ሰው መንገድ ላይ ይዘገያል። በሩ ተከፍቶ ከአጃቢ ጋር ሲገባ ተሰብሳቢው ይዞራል፣ ተናጋሪውም ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ የፕሮቶኮል ባለሙያው በጎን በኩል ወደ ተያዘለት ወንበር ይመራዋል፤ ወንበሩ ቀድሞ ባዶ መያዝ አለበት፣ ሌላ ሰው ማስነሳት ከመዘግየቱ ይብሳል። እኔም በብጣሽ ወረቀት ላይ ስሙንና ኃላፊነቱን ተቀብዬ እጠብቃለሁ። ተናጋሪው ሲጨርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ “ክቡር አቶ እከሌ፣ የእንዲህ ያለው ቢሮ ኃላፊ፣ አሁን ተቀላቅለውናል፤ እንኳን ደህና መጡ” ብዬ የሚቀጥለውን ተናጋሪ እጠራለሁ። የመክፈቻ ንግግሩ የእሱ ሆኖ በሌላ ሰው ተተክቶ ካለፈ ከሻይ በኋላ አጭር መልእክት እንዲያስተላልፍ ተራ ይሰጠዋል። ስብሰባው ግን ሁለተኛ አይከፈትም።