እሑድ አልደርስም፣ ቦታ አትያዝልኝ

ገና አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ስልኩ በሠርግ ጥሪ ካርድ ያልተጨናነቀ ሰው ጥቂት ነው። ካርዱ ድሮ በሰው እጅ፣ በፖስታ ታሽጎ ነበር የሚመጣው። አሁን በቴሌግራም ምስል ሆኖ ይደርሳል፤ ከሥሩ «እንዳትቀር!» የምትል ቃል ትከተለዋለች። ጥሪው ሲቀል ቀርቻለሁ ማለቱ ግን አልቀለለም። እንዲያውም ከብዷል። በእጅ የመጣን ካርድ በእጅ ተቀብሎ፣ ፊት ለፊት አዝኖና ምክንያቱን ተናግሮ መሸኘት ይቻል ነበር። ዛሬ ፊቱም ድምፁም የለም፤ ያለው ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ቀያሽ ታሪክ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፣ ከጅማ ወዲያ ባለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ይኖራል። ካርዱን ያገኘው ቅዳሜ ወደ ከተማ ወጥቶ ስልኩ ኢንተርኔት ሲይዝ ነበር። ሙሽራው የድሮ ጓደኛው ነው። ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ ሁለት ዓመት ጉለሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው አብረው ኖረዋል። ያኔ የነበራቸው አንድ ፍራሽና አንድ ጋቢ ነበር። የሙሽራው እናት በየወሩ ከገጠር በሶና ድርቆሽ ይልኩላቸው ነበር፤ ሲልኩም «ለልጄ» ብለው ሳይሆን «ለልጆቼ» ብለው ነው።

ሠርጉ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ አዲስ አበባ ነው። ቀያሹ መሄድ አይችልም። ፈቃድ ቢጠይቅ ይሰጡት ነበር፤ ችግሩ ሌላ ነው። የቀጠረው ሥራ ተቋራጭ ደመወዝ ከከፈለ ሁለት ወር አልፎታል። መሄጃ፣ ማደሪያ፣ ስጦታ፣ የተጫማደደውን ሱፍ የሚተካ ልብስ፤ ሁሉንም ደምሮ ሲያየው ከሰው ሳይበደር የሚወጣው ነገር አልነበረም።

ካምፑ ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ መልሱን በተራ የጽሑፍ መልእክት መላክ ነበረበት። የመጀመሪያውን እንዲህ ጻፈ፦

«ሰላም ወንድሜ። በሥራ ምክንያት በሠርግህ ላይ መገኘት ስለማልችል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልካም ጋብቻ ይሁንልህ።»

ስህተት የለበትም። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ ይቅርታም ጠይቋል። ላኪውን ጫን ሊል ሲል ግን አንድ ነገር ያዘው። ይህን መልእክት ለአለቃውም፣ ለባንክ ቤት ሠራተኛም፣ ለማንም ሊልከው ይችላል። «በሥራ ምክንያት መገኘት ስለማልችል» የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር አማርኛ ነው። እኛ አማርኛን ሁለት ቦታ እንማራለን፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ቢሮ። ስንፈራና ስናፍር ደግሞ የምንሸሸው ወደ ቢሮው ነው። ያፈረ ሰው የጻፈው፣ ለተቀባዩ የኮራ ሰው የጻፈው መስሎ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። ሌላም አለ። «ሠርግህ» ብሏል፤ ሙሽሪት የት ገባች?

ይህን ሰርዞ ሁለተኛውን ጻፈ። አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ደመወዙ አለመግባቱን፣ ሥራ ተቋራጩ ከአሠሪው ክፍያ አለማግኘቱን፣ የአውቶቡሱን ዋጋ፣ የወንድሙን ትምህርት ቤት ክፍያ ዘረዘረ። መልእክቱ ከስልኩ ስክሪን አልፎ ወረደ። ሁሉም እውነት ነበር። እራት ሊበላ ሲሄድ የካምፑ ምግብ አብሳይ ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። በዕድሜ ታላቁ ናት፣ «እትዬ» ነው የሚላት። ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ገንዘብ እየጠየቅኸው ነው እንዴ?» አለችው።

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ!»

«እንግዲያ ምን ያስቆጥርሃል? ይሄን የሰማ ሙሽራ ምን ሊል ነው? ‹መሄጃውን እኔ እልክልሃለሁ› ሊል ነው። በሠርጉ ሳምንት፣ የሱ ዕዳ ሳያንሰው።»

ልክ ናት። ድግስ ላይ ያለ ሰው ከተዘረዘረ ችግር ፊት ዝም ሊል አይችልም። ወይ ይልካል ወይ ባለመላኩ ይሸማቀቃል። ዝርዝሩ ሌላም ጣጣ አለው፤ እያንዳንዱ ምክንያት መፍትሔ ይጋብዛል። አውቶቡስ ተወደደ ካልክ ከጅማ የሚመጣ መኪና ይፈለግልሃል። ማደሪያ የለኝም ካልክ ፍራሽ ይነጠፍልሃል። በመጨረሻ ሁሉም ተመልሶልህ «አሁንስ?» ስትባል የቀረህ መልስ አልፈልግም የሚለው ብቻ ይሆናል።

«እናቴ አሟት ነው ልበል?» ብሎ ጠየቃት። ይህ በአገራችን ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ማምለጫ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ የሚጋለጠውም እሱ ነው። የታመመ ይጠየቃላ! የሙሽራው እናት ስልክ አንስተው «እንዴት ነሽ፣ ተሻለሽ ወይ?» ሲሉ፣ ጓሮዋን ስትኮተኩት የዋለችው እናቱ ምን ብላ ትመልስ? ምግብ አብሳይዋ ይህን ስትሰማ በእጇ አማተበችና «በጤና ላይ አትቀልድ» አለችው፤ ወሬውም አበቃ።

ሦስተኛው ሐሳብ አጭሩ ነበር፦ «እግዚአብሔር ከፈቀደ ለመምጣት እሞክራለሁ።» ይህን ብዙዎቻችን እንጽፈዋለን። የሙስሊም ወዳጆቻችን «ኢንሻአላህ» ደግሞ በቅን ልብ ሲባል አንድ ነገር ነው፣ እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው ሲለው ሌላ ነገር። ለጻፈው ሰው ለስለስ ያለ እምቢታ ነው፤ ለደጋሹ ግን እሺታ ነው። የአዲስ አበባ ድግስ አቅራቢዎች ሒሳብ የሚያስቡት በሰው ነው። ሠርጉ ሲቃረብ ቁጥሩ ይቆረጣል፣ «እሞክራለሁ» ያለው ሰውም እንደ አንድ ራስ ይቆጠራል። እሑድ ዕለት ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምግቡ ብቻ አይደለም የሚባክነው። ሙሽራው ወደ በሩ ሲያይ ይውላል። መቅረት አያስቀይምም፤ ሲጠበቁ መቅረት ነው የሚያስቀይመው።

በማግስቱ ማታ የላከው ይህን ነው፦

«ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! ጋቢ ለሁለት ከለበስንበት ቤት ወጥተህ የራስህን ቤት ልትሠራ ነው። እሑድ አልደርስም፣ ቦታ አትያዝልኝ። ለፋሲካ ስመጣ ቤታችሁ ቡና እጠጣለሁ። ውለዱ፣ ክበዱ!»

ቢቆጠር ከነክፍት ቦታው 120 ምልክት ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በተራ የጽሑፍ መልእክት ዘመን ያደገ ሁሉ ትዝ የሚለው ነገር አለው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ እንደ ሁለት ይታሰባል። ትውልዱ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የለመደው ስልኮቹ ፊደላችንን ስላላወቁ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብም ነበረበት። ቀያሹ የሁለቱን ዋጋ ከፍሎ በፊደል ጻፈው። «ውለዱ፣ ክበዱ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ምርቃት መምሰሉን ያቆማል፤ ቢያንስ ለእሱ እንዲያ ነው የተሰማው።

መልእክቱ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ጥቂት ቃላት ናቸው። «አበቃችሁ» ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራል፤ ሙሽሪትን አይቷት ባያውቅም ገብታለች። የጋቢዋ ነገር ደግሞ ይህ መልእክት ለሌላ ለማንም ሊላክ እንደማይችል ማረጋገጫ ነው። ብዙ ማውራት አላስፈለገም፣ አንድ ዕቃ በቃ።

ቀጥሎ «አልደርስም» አለ። አማርኛ ለመቅረት ብዙ ቃል አለው፣ እያንዳንዱም የተለያየ ሙቀት አለው። «አልመጣም» ፈቃድን ይናገራል፤ በሩን ይዘጋል። «አይመቸኝም» ከሁሉም ይቀዘቅዛል፤ የሰው ሠርግ ከራስ ምቾት ጋር ተመዝኖ ቀለለ ማለት ነውና። «አልችልም» ለምን የሚል ጥያቄ ያስከትላል። «አልደርስም» ግን ልቡ መንገድ የጀመረ፣ እግሩ የቀረ ሰው ቃል ነው። ደግሞም ውሸት የለበትም። «ቦታ አትያዝልኝ» በበኩሉ ከአፍ ሲወጣ ሻካራ ይመስላል፤ ለደጋሽ ግን ከይቅርታ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። አንድ ወንበር ነፃ አወጣለት።

ምክንያቱን አልጻፈም። ምግብ አብሳይዋ «ከጠየቀህ በስልክ ንገረው፣ ካልጠየቀህ ተወው» ብላዋለች። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። በሥራ ብቻ የሚያውቅህ ሰው «አልደርስም» ብቻ ብትለው ደረቅ ሊሆንበት ይችላል፤ ለእሱ «መስክ ላይ ነኝ» የምትል አንዲት ሐረግ ትጨመራለች። ሌለ ትዝታ ፈልጎ ማስገባትም ያስነውራል፤ ጋቢ ያልተጋራ ሰው ምርቃቱን ብቻ ይላክ።

ለሙሽራው እናት መልእክት አልላከም። በሶ ለላኩ እናት በጽሑፍ ቀርቻለሁ አይባልም። ከሠርጉ ሳምንት በፊት፣ ቤቱ በሰው ሳይሞላ ደወለላቸው። «እማማ፣ አልደርስም፤ እርስዎ ግን በእኔም ፈንታ እልል ይበሉ» አላቸው። «እኔማ የሁለታችሁን አብሬ ነው የምለው፣ አንተስ መቼ ነው?» አሉት። ወሬው ወደ እሱ ትዳር ዞሮ ቀረ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀውን ነገር ሁሉ ሳይናገረው ተሰነባበቱ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ተጠንቅቋል። ከባልደረቦቹ 500 ብር ተበድሮ ከመልእክቱ ጋር በቴሌብር ሊልክ አስቦ ነበር። ተወው። ከእምቢታ ጋር አብሮ የሚመጣ ብር የመቅረት ቅጣት ይመስላል፤ ለዚያውም የብድር። የከተማ ሰው ይህን አይቀበል ይሆናል፣ ዛሬ ካርዱ ላይ የሒሳብ ቁጥር የሚያሳትምም አለ። ያም ሆኖ ስጦታ ለብቻው ቀን ሲያገኝ ስጦታ ይሆናል።

ሙሽራው በሁለተኛው ቀን መለሰለት፦ «ጋቢዋ እናቴ ጋ አለች። ለፋሲካ ለብሰሃት ትጠጣለህ።»

ደመወዙ የገባው በየካቲት አጋማሽ ነው። የአንድ ወር ብቻ።