ሳያነቡ የሚመለሱ ጥያቄዎች

እስቲ ይህችን ምንባብ አንብቡልኝ።

«አንድ ድርብሽ በማለዳ ሁለት ዥርጊ ይዞ ወደ ቀሞራ ወረደ። መንገድ ላይ ዥርጊዎቹ ስለተጨመነዙበት ለብልቃሙ አስረከባቸው።»

አሁን ጥያቄዎቹን መልሱ። ድርብሹ ምን ይዞ ወረደ? ሁለት ዥርጊ። ወዴት ወረደ? ወደ ቀሞራ። ለብልቃሙ ያስረከባቸው ለምንድን ነው? ስለተጨመነዙበት።

ሦስት ከሦስት አገኛችሁ። ድርብሽ ሰው ይሁን እንስሳ፣ ዥርጊ የሚበላ ይሁን የሚለበስ ግን አታውቁም። ልታውቁም አትችሉም፤ ቃላቱን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። መልሱን ያገኛችሁት የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ስለምታውቁ ነው። «ይዞ» ከሚለው በፊት ያለው የተያዘው ነገር ነው፣ «ወደ» ካለ ቦታ ይከተላል፣ «ለምን» ተብሎ ከተጠየቀ «ስለ» የሚለውን ፈልጎ መገልበጥ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን አንብቦ መረዳት በሚባለው ክፍለ ጊዜ በአብዛኛው የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ይፈልጋሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ያገኙታል፣ ይገለብጡታል። መምህሩ ራይት ያደርግላቸዋል። ልጁ ያነበበ ይመስለዋል፣ መምህሩም ያስተማረ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ የማስተማር ሥራ ውስጥ ላላችሁ፣ በተለይም ከአጭር ምንባብ ጥያቄ ለምታወጡ፣ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ ፈለግሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በእንግሊዝኛ ለሰባተኛ ክፍል የተጻፈች አጭር ምንባብ አለች እንበል፤ ታሪኳ እንዲህ ነው። ሳራ ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው በእግሯ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እናቷ የአውቶቡስ ገንዘብ ሰጠቻት። ፌርማታው ላይ ረጅም ሰልፍ ነበረ። ሳራ ሰዓቷን አየች፣ ከሰልፉ ወጣችና በፍጥነት መራመድ ጀመረች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ማታ ለእናቷ መለሰችላት።

ከዚህ ምንባብ በጣም ቀላሉ ጥያቄ «እናቷ ለሳራ ምን ሰጠቻት?» የሚለው ነው። ዥርጊ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ሁለት ቢኖር አይከፋም፤ ልጁ ምንባቡን እንዲጀምርና እንዳይፈራ ይረዳዋል። አስቸጋሪው አምስቱም ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላውጣ። እንግሊዝኛው «መለሰችላት» ሲል «ኢት» የምትል ተውላጠ ስም ይጠቀማል። «ማታ ለእናቷ የመለሰችላት ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ልጁ ወደ ኋላ አራት ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ገንዘቡን ማግኘት አለበት። በመሀል ሰልፍ፣ ሰዓት፣ ጫማ አለ። ታሪኩን ያልተከተለ ልጅ በጣም ቅርብ ያለውን ስም ያነሣና «ጫማዋን» ይላል። ይህች ጥያቄ አጭር ናት፣ ለማረም ደቂቃ አትፈጅም፣ ግን የተረዳውን ካልተረዳው ትለያለች።

ሦስተኛው «ሳራ አውቶቡስ ተሳፍራለች?» የሚለው ነው። ምንባቡ «አልተሳፈረችም» ብሎ የትም አልጻፈም። ከሰልፉ መውጣቷን፣ ጫማዋ መጨቅየቱንና ገንዘቡን መመለሷን አገናኝቶ የሚያነብ ልጅ ግን ያውቀዋል። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ከሆነ በግምት የመምታት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ፣ «ይህን የሚያሳየውን ዓረፍተ ነገር አስምርበት» የሚል አንድ ትእዛዝ እጨምርበታለሁ። ያኔ የገመተው ልጅ ይታወቃል። ለእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄም ያው መፍትሔ ይሠራል። አይልትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና «አልተገለጸም» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ስለሚያክል ተፈታኙ ጽሑፉ ያለውንና እሱ ራሱ ያሰበውን እንዲለይ ይገደዳል።

አራተኛው «ሳራ ከሰልፉ የወጣችው ለምንድን ነው?» የሚለው ሲሆን በምርጫ ላቅርበው። ሀ፣ ሰማዩ ስለጠቆረ። ለ፣ እንዳይረፍድባት ስለሰጋች። ሐ፣ ገንዘቡ ስለጠፋባት። መ፣ በእግሯ መሄድ ስለለመደች። ትክክለኛው ለ ነው፤ ሰዓቷን ማየቷና በፍጥነት መራመዷ ይናገራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተሳሳተው ልጅ የትኛውን መረጠ የሚለው ነው። ሀን የመረጠ ልጅ ምንባቡ ውስጥ ያየውን ሐረግ አገኘና ያዘ፤ ቃል ፈላጊ ነው። መን የመረጠ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ እዚያው ቆሟል። ሐን የመረጠ ደግሞ ምንባቡን ትቶ በሕይወት የሚያጋጥመውን አስቧል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የተሳሳቱ ምርጫዎችን ስናወጣ ቦታ ለመሙላት ብቻ መሆን የለበትም፤ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት የአነባበብ ችግር ይዞ መምጣት አለበት። ማንም የማይመርጠው አስቂኝ ምርጫ አራቱን ሦስት ከማድረግ ሌላ ሥራ የለውም። ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ረጅሙና የተብራራው ከሆነም ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዱታል።

በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች ጥያቄዎችን እንደየዓይነታቸው መድበዋቸዋል። ክሪስቲን ነታል የተባለች እንግሊዛዊት የንባብ ማስተማር ባለሙያ፣ እንዲሁም ሪቻርድ ዴይና ጆንግሱክ ፓርክ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በግልጽ ከተጻፈው፣ ከተለያየ ቦታ ተሰብስቦ ከሚገኘው፣ ከመስመሮች መካከል ከሚነበበው ጀምረው እስከ አንባቢው የራሱ ስሜት ድረስ ደረጃ በደረጃ አስቀምጠውታል። ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልግም። ጥያቄ አውጥታችሁ ስትጨርሱ «የእያንዳንዱ መልስ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሁሉም መልስ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጽፎ ከተገኘ ቃል ማፈላለግ እያስተማራችሁ ነው።

ሌላ መፈተሻ አለ፤ ምንባቡን ሸፍኖ ጥያቄዎቹን ብቻ መስጠት። ስለ ወባ የተጻፈ ምንባብ አምጥተን «ወባን የምታስተላልፈው ምንድን ናት?» ብንል ልጁ ምንባቡን ማየት አያስፈልገውም፤ ከሳይንስ ትምህርት ያውቀዋል። ይህ ትልልቅ ፈተናዎችንም የሚያጋጥም ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኪናንና ቤትጀማን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የንባብ ችሎታን ለመለካት የሚያገለግለውን የግሬይ ፈተና ምንባቦቹን ላላነበቡ ሰዎች ሰጥተው ነበር። ሰዎቹ ብዙዎቹን ጥያቄዎች በግምት ሊገኝ ከሚችለው በላይ መለሱ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት የሚገኘው ከአራት አንድ ነው። ምንባቡን ያላየ ክፍል ከዚያ በጣም ከበለጠ ጥያቄው የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ጊዜ የሌለው መምህር ለአንድ የሥራ ባልደረባው ጥያቄዎቹን ብቻ ቢያሳየው ይበቃዋል።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ።

አንደኛው የጥያቄው ቋንቋ ነው። ጥያቄው ከምንባቡ የከበደ ከሆነ ልጁ የወደቀው ምንባቡ ላይ ይሁን ጥያቄው ላይ አይታወቅም። ምንባቡም ቢሆን ልክ አለው። ሁና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ ረዳት በደንብ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ገምተዋል። በመቶ ቃላት ምንባብ ሁለት እንግዳ ቃል ማለት ነው። አሥራ አምስት እንግዳ ቃል ያለበት ምንባብ ላይ ግሩም ጥያቄ ቢወጣም ልጁ ያለው ምርጫ መገልበጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመልሱ ቋንቋ ነው። አራተኛውን ጥያቄ ያለ ምርጫ ብናቀርበው «ሺ ዊል ሌት» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰዋስዉን ስቷል፣ ምንባቡን ግን ተረድቷል። ከምንባቡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለ አንዲት ስሕተት የገለበጠው ልጅ ላይረዳው ይችላል። ለሁለተኛው ሙሉ ማርክ ሰጥተን የመጀመሪያውን ግማሹን ከቆረጥንበት፣ ማሰብ እንደሚያስቀጣ መገልበጥ እንደሚያዋጣ አስተማርነው። ለዚህ ነው ከባድ የ«ለምን» ጥያቄዎች አልፎ አልፎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይመለሱ የምለው። የእንግሊዝኛ አጻጻፉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ልምምድ ይታረም።

ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ መልስ ማረም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሚገለበጥ ጥያቄ የሚበዛው መምህራን ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ለማረም ስለሚቀል ነው። ለዚህ ነው ከላይ ያሉት ጥያቄዎች በአንድ ቃል፣ በአንድ ፊደል ወይም በአንድ መስመር እንዲመለሱ አድርጌ ያወጣኋቸው። አንድ ገደብ ግን አለ። ከመስመሮች መካከል የሚነበብ ጥያቄ የልጁን ኑሮ ይጠይቃል። የከተማ አውቶቡስ ሰልፍ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ረጅም ሰልፍ መርፈድን እንደሚያመጣ ላይገባው ይችላል፤ ያ የእንግሊዝኛ ችግር አይደለም። ለእሱ ፌርማታውን በወፍጮ ቤት ተራ ብንቀይርለት ያው ጥያቄ ይሠራል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ስለማይቀር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በሰባተኛ ክፍል ቃል እያፈላለገ መገልበጥ የለመደ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም እንደዚያው ያነባል። ደብተሩ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ዥርጊ ነው።

ወላጆችም እንግሊዝኛ ባታውቁም ይህን መፈተሽ አያቅታችሁም። የልጃችሁን ደብተር ክፈቱና ራይት የተደረገበት አንድ የንባብ ልምምድ ፈልጉ። ከዚያ «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? ሰውየው እንዲያ ያደረገው ለምንድን ነው?» ብላችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁት። ከነገራችሁ አንብቧል። አሥር ከአሥር አግኝቶ መናገር ካቃተው ልጁን አትቆጡት፤ ደብተሩን ይዛችሁ መምህሩ ጋ ሂዱና ስለ ጥያቄዎቹ ተነጋገሩ።