የሲኦሲ ኮፒ ብረት አይበይድም

«ሲኦሲ አለህ?»
«አዎ።»
«ኮፒውን ቢሮ አስገባ፤ ነገ ጀምር።»

በብዙ ሳይቶች የበያጅ ብቃት የሚጣራው እንዲህ ነው። ሲኦሲን ላጣጥል አይደለም፤ ባለሙያው በጽሑፍም በተግባርም ተፈትኖ የሚያገኘው ማስረጃ ነው። ግን ደረጃውን እንጂ ነገ የሚሠራትን ብየዳ አይነግረንም። ጠፍጣፋ በተጋደመ ብረት ላይ የሚያምር ብየዳ የሚሠራ ሰው፣ ብረቱ ሲቆምበት የቀለጠው ወደ ታች እየፈሰሰ ሊያስቸግረው ይችላል። ለዚህም ነው የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የብረት ግንባታ ኮድ በያጁን በብየዳው ዘዴ፣ በአቀማመጡና በብረቱ ውፍረት ለይቶ የሚያረጋግጠው። በዚያ ዘዴ ከስድስት ወር በላይ ካልሠራ ደግሞ ማረጋገጫው ይቋረጣል።

አንድ የማውቀው መሐንዲስ ለአዳራሽ የብረት ምሰሶ ሁለት በያጆችን ሲፈትን አጠገቡ ነበርኩ። አንደኛው ሲኦሲ አለው፤ የኖረው ግን በርና መስኮት ሲሠራ ነው። ሁለተኛው ወረቀት የለውም፤ ታንከር ሲሠራ ነው የቆየው። ለሁለቱም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሁለት ቁራጭ ብረቶች ሰጣቸው። አንዱን በሌላው ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከታች ወደ ላይ እንዲበይዱ አዘዘ።

የመጀመሪያው ብየዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ነበር። የሁለተኛው ወጣ ገባ ይበዛዋል። ሲቀዘቅዙ በየተራ ሞርሳ ላይ አሰራቸውና፣ የቆመውን ብረት ወደተበየደው ወገን በመዶሻ መትቶ አጠፈው። ይህ የብየዳውን ስር ይከፍተዋል። ቆንጆው ሲሰበር ስሩ ላይ የብረቱ የድሮ ጠርዝ እንደተቆረጠ፣ ቀጥ ብሎ ታየ። አልቀለጠም ማለት ነው፤ ብየዳው ላዩን ብቻ ነበር። የሁለተኛው ስብራት ግን ከስር እስከ ላይ ግራጫና ሙሉ ነው፤ ቀዳዳም የታፈነ ስላግም የለውም።

መሐንዲሱ ሁለተኛውን ምሰሶው ላይ መደበው፤ ለሲኦሲ እንዲቀመጥም አስመዘገበው። የመጀመሪያውን ወደ መወጣጫ ድጋፎቹ ላከው፤ አላባረረውም። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልሞላም።

ይህ ሙከራ ሁሉንም አያሳይም። እርጥበት የገባው 7018 ኤሌክትሮድ የሚያመጣው ስንጥቅ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በያጁ ቢፈተንም ኤሌክትሮዱ በማድረቂያ ምድጃ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል። ግን ኮፒ ከመሰብሰብ እጅግ ይሻላል።

ብረቱ የወደቀ ቀን ኮፒው ፋይል ውስጥ ያለው ኮንትራክተር የሚያሳየው ነገር አለው። ከስር የቆመው ቀን ሠራተኛ ግን ምንም የለውም። ሕንጻ የምታሠሩ ሁሉ፣ ከሲኦሲው ኮፒ ጋር የተሰበረውን ናሙናም አምጡ በሉ።