በዜማ የሚያነበው ልጅ

እጩ መምህራን ስለ መጀመሪያ ቀኔ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ጊዜው መስከረም 1990 ዓ.ም. ነበር። ከማሰልጠኛ ተቋም እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ በቂሊንጦ አቅጣጫ፣ የገበሬ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። የኮትቻው ጭቃ ገና ስላልጠነከረ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረስኩ። ጤፉ ለምልሟል፤ ሽንብራ የሚዘራባቸው ማሳዎች ደግሞ ውሃው እስኪጠነፍፍላቸው ይጠብቃሉ።

ዳይሬክተሩ የስም መጥሪያውንና ሁለት ጠመኔ ሰጡኝና ወደ አንደኛ ክፍል መሩኝ። ሰባ ያህል ልጆች አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ገና ስድስት ዓመት የሞላው የማይመስል አለ፤ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በአሥር ዓመቱ የመጣም አለ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ስለነበር «አካም ቡልተኒ» ብዬ ሰላም ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፍርሃታቸው የለቀቃቸው ያኔ ይመስለኛል። ስም ስጠራ አንዳንዱ ዝም ይላል። መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም ቤት ከሚጠራበት ስለሚለይ፣ አጠገቡ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ነው «አቤት» የሚለው። እኔም የቤት ስማቸውን ከጎኑ ጻፍኩ።

ከዚያ ፊደል የሚያውቅ እንዳለ ጠየቅሁ። ከኋላ አንድ ልጅ ተነሳ። ቄስ ትምህርት ቤት ቆይቷል። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የፊደል ገበታ ቀረበና በስንደዶ እየነካ ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድም ሳይስት በዜማ ወረደው። ልጆቹ አጨበጨቡለት። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ስንደዶው ከድምፁ ጋር እኩል እንደማይሄድ አይቼ ነበር። አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል።

«ባ»ን አሳየሁትና «ይህቺስ ማን ናት?» አልኩት። ዓይኑ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ሄደ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ…» ብሎ «ባ!» አለ። መልሱ ትክክል ነው። ቀጥዬ «ባ»ን ብቻዋን ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። አሁን የሚነሳበት መስመር የለም። ዝም አለ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ የተማረውን አሳምሮ ይዟል። የያዘው ግን ቅደም ተከተሉን በጆሮው ነው፤ ቅርጹ ዓይኑ ውስጥ አልገባም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ከ«ሀሁ» ቀጥሎ «አቡጊዳ»ን የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፦ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ሲባል ፊደሉም ሆሄውም በየእርምጃው ስለሚቀየር የለመዱት ዜማ አይረዳም። ልጁ አቡጊዳ ሳይደርስ ነበር ያቋረጠው።

ስለዚህ ገበታውን ትቼ ሰሌዳው ላይ «በ ቡ ቢ ባ»ን፣ ከሥራቸው «ለ ሉ ሊ ላ»ን ጻፍኩ። ልዩነቱን ራሳቸው እንዲያገኙ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ ወጥታ «ቡ» እና «ሉ» በቀኝ እግራቸው ወገብ ላይ ጭረት እንዳላቸው በጣቷ አሳየች። ሌላው የ«ቢ» እና የ«ሊ» ጭረት እታች መሆኑን አየ። «ባ» እና «ላ» ግራ እግራቸው አጭር ነው። እነዚህን ሁለት ቤቶች የመረጥኩት በአራቱ ሆሄያት ጠባያቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሳድሱን ሆን ብዬ አቆየሁት፤ «ብ» እና «ል» የተለወጡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ገና ደንብ የያዘ ልጅ ግራ ይጋባል። ችግሩ ያለ ሳድስ የሚጻፍ የአማርኛ ቃል ጥቂት መሆኑ ነው፤ ለአንድ ጠዋት ግን ይበቃል።

ውጭ አስወጣኋቸውና እርጥቡ መሬት ላይ በእንጨት እንዲጽፉ አደረግሁ። በመሃላቸው እየዞርኩ ፊደሎቹን አዘበራርቄ ስጠይቅ ሦስት ዓይነት ልጆች አገኘሁ፦ ፈጽሞ የማያውቁ፣ በዜማ ብቻ የሚያውቁ፣ አይተው የሚለዩ። የመጨረሻዎቹ ከአሥር አይበልጡም። በስም መጥሪያው ላይ ሦስት ዓይነት ምልክት አደረግሁላቸው፤ የነገው አቀማመጥ በዚያ ይሆናል።

ወደ ክፍል ስንመለስ ሰሌዳው ላይ «በላ»፣ «ባላ»፣ «ቡላ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ልጅ እጁን አወጣ። የመጀመሪያውን ቶሎ አነበበ። «ባላ» ላይ ጥቂት ቆመ፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑ እግሮቹን ነው የሚያየው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ቡላ» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቲቸር፣ የኛ በሬ ቡላ ነው!» አለኝ።

«ቀንዱስ?» ስለው በሁለት እጁ እያሳየ ይነግረኝ ጀመር፤ የእረፍት ደወል ተደውሎ እንኳ አልጨረሰም።