«ከዚን» ማለት የማን ልጅ ማለት ነው?

አሜሪካ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ከአንድ ወጣት ጋር ሲገባ «ከዚኔ ነው» ብሎ ቢያስተዋውቅ፣ ቤት ያሉት አዛውንት የሚያስከትሉት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «የማን ልጅ?» ልጁ የተሟላ መልስ የሰጠ መስሎታል። ለአዛውንቷ ግን ገና ምንም አልተነገራቸውም። የአጎቱ ልጅ ነው ወይስ የአክስቱ? በአባቱ በኩል ነው ወይስ በእናቱ? ወጣቱ ሴት ቢሆን ኖሮም ያው «ከዚን» ነበር የሚባለው።

«አንክል» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የአባት ወንድም፣ የእናት ወንድም፣ የአባት እህት ባል፣ የእናት እህት ባል፣ አራቱም አንክል ናቸው። በአማርኛ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአክስት ባል እንጂ አጎት አይደሉም፤ በጋብቻ የመጣ ሰው በደም ከመጣው ጋር አይቀላቀልም።

እንግሊዝኛ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። ከኖርማኖች ወረራ (እ.ኤ.አ. 1066) በፊት የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ የአባትን ወንድም «ፋዴራ»፣ የእናትን ወንድም «ኤአም» እያለ ይለይ ነበር። ለአክስቶችም እንዲሁ ሁለት ቃል ነበረው። ከወረራው በኋላ ከፈረንሳይኛ የገቡት ቃላት ቀስ በቀስ እነዚህን አስወጧቸው። ይበልጥ የሚገርመው የመጤዎቹ ቃላት ምንጭ ነው። «አንክል» የመጣው ከላቲኑ «አቩንኩሉስ» ሲሆን ትርጉሙ የእናት ወንድም ብቻ ነበር፤ የአባት ወንድም «ፓትሩውስ» ነው። «አንት» የመጣው ደግሞ የአባት እህት ማለት ከሆነው «አሚታ» ነው። «ከዚን» ራሱ መነሻው የእናት እህት ልጅ የሚባልበት «ኮንሶብሪኑስ» ነው። ማለትም ዛሬ ሁሉንም የሚጠቀልሉት ሦስቱ ቃላት በትውልዳቸው አንድ አንድ ወገን ብቻ የያዙ ነበሩ።

እዚህ ላይ አማርኛንም ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። «አጎት» የሚለው ቃል ብቻውን የየትኛው ወገን እንደሆነ አይናገርም። ትግርኛ በቃሉ ይለያል፦ የአባት ወንድም ሓወቦ፣ የእናት ወንድም ኣኮ፣ የአባት እህት ኣሞ፣ የእናት እህት ሓትኖ። ሪያድ ወይም ዱባይ የሠራ ሰውም ዐረቦቹ የአባትን ወንድም «ዓም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» እንደሚሉ ያውቃል። አማርኛ ልዩነቱን የሚያመጣው በቅጥያ ነው፦ «በአባቴ በኩል»፣ «የእናቴ ወንድም ልጅ»። ቅጥያው ግን እንደ ትርፍ ነገር አይታይም፤ ተናጋሪው ቢተወው አድማጩ ይጠይቃል። በሌላ በኩል እንግሊዝኛ ወገንን ቢረሳም ርቀትን ይቆጥራል፤ አንደኛ ከዚን፣ ሁለተኛ ከዚን እያለ። አማርኛ ተናጋሪው ያንን ብዙ ጊዜ «ዘመዴ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቤት የሚቆጠረው ጋብቻ ሲታሰብ ነው።

ይህ ሁሉ የቋንቋ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ይበቃ ነበር። ችግሩ ቃሉ ወረቀት ላይ ወጥቶ ፍርድ ቤት ሲገባ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስካሁን የሚሠራው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአንቀጽ 849 ጀምሮ፣ የአባት ወገን ንብረት ለአባት ወገን፣ የእናት ወገን ንብረት ለእናት ወገን የሚል ደንብ አለው። አንድ ሰው ልጅ ሳይወልድና ሳይናዘዝ ቢሞት፣ በውርስ ወይም በስጦታ ከአባቱ ወገን ያገኘው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ወደ እናቱ ወገን ወራሾች አይተላለፍም። ከእናቱ ወገን ያገኘውም እንዲሁ ወደ አባቱ ወገን አይሄድም። ደንቡ የሚመለከተው የማይንቀሳቀስ ንብረትን ብቻ ነው፤ የባንክ ገንዘብና መኪና ውስጥ አይገባም። የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ስለሆነ ዛሬ በከተማ የሚወረሰው በዋናነት ቤቱ ነው።

እስቲ አንድ ጉዳይ እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ልጅ የለውም፣ ኑዛዜም የለውም። ወላጆቹ ቀድመውታል፣ እህትና ወንድምም የለውም። የሚኖርበትን ቤት የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ባንክም ጥቂት ገንዘብ አለው። የቀሩት ዘመዶች ሁለት ናቸው፦ ሜሪላንድ የምትኖር የአባቱ ወንድም ልጅና አዲስ አበባ የሚኖር የእናቱ እህት ልጅ። ገንዘቡ ለሁለቱም ወገን ይከፈላል። የቤቱ ባለቤትነት ግን በደንቡ መሠረት የሜሪላንዷ ነው።

እሷ በአሜሪካ ቃለ መሐላ ታዘጋጃለች። እንግሊዝኛው «የሟች ከዚን ነኝ» ይላል፤ እዚያ ለሚያረጋግጠው ሰው ምንም አይጎድለውም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ተርጓሚው ዘንድ ይገባል። ተርጓሚው አሁን መገመት አለበት። «የአክስት ልጅ» ቢል ነገሩ ስህተት ነው፤ ምስክሮቿ «የአባቱ ወንድም ልጅ ናት» ሲሉ ወረቀቱና ቃላቸው ይጋጫሉ፣ ተከራካሪ ወገንም ይህን ክፍተት አይለቅም። «የአጎት ልጅ» ቢል ዕድል ቀንቶት እውነቱን ተናግሯል፤ ግን ይህም አይበቃም፤ የእናት ወንድም ልጅም የአጎት ልጅ ነውና። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚወስነውን አንድ ነገር፣ ማለትም ወገኑን፣ የአማርኛውም ቃል አልያዘም። ተርጓሚውን መውቀስ ቀላል ነው፤ መረጃው የጠፋው ግን እሱ ዘንድ ሳይሆን ሜሪላንድ ላይ ነው። «ዘመድ» ብሎ ቢያልፈውም የጠፋውን አይመልሰውም።

መፍትሔው ማዕረጉን ትቶ መንገዱን መጻፍ ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን «የሟች አባት ወንድም ልጅ ነኝ» ማለት ይቻላል፤ ሰንሰለቱ ረዘም ይላል እንጂ ትርጉሙን ማንም አያዛባውም። ከዚህ ጋር ሦስቱ ሰዎች በስም ቢጠቀሱ ይበልጥ ይጠነክራል፦ የጋራ አያት፣ የሟች አባት፣ የአመልካች አባት።

የእኛ የስም አጠራርም እዚህ ይረዳል። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች በአያት ስም ይገናኛሉ፤ የሟችና የሜሪላንዷ ሦስተኛ ስም አንድ ከሆነ ግንኙነቱ በአባት በኩል መሆኑን ወረቀቱ ራሱ ይጠቁማል። የእናት ወንድም ልጅ ከሆነ ግን የእሱ ሦስተኛ ስም የሚገጥመው ከሟች እናት አባት ስም ጋር ነው። የሁለት እህትማማቾች ልጆች ደግሞ በራሳቸው ስም አይገናኙም፤ የሚገናኙት የእናቶቻቸው ሁለተኛ ስም ሲታይ ነው፤ ስለዚህ የእናት ሙሉ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።

ይህ መንገድ የሚሰናከልበት ቦታም አለ። ውጭ ያገባች ሴት የባሏን ስም ወስዳ ዜግነት ከቀየረች፣ ፓስፖርቷ ላይ አባቷም አያቷም ላይገኙ ይችላሉ። ያኔ የጋብቻና የስም ለውጥ ማስረጃው ከቃለ መሐላው ጋር ካልተያያዘ፣ አያትየውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ቀርበው የማን ልጅ እንደሆነች መመስከር ይኖርባቸዋል። እነሱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።