ጆሮዬ የለመደው የመምህሮቼን አነጋገር ብቻ ነበር

«እንግሊዝኛ እንኳ እችላለሁ» ከሚሉት ወገን ከሆኑ በትዕግሥት ያንብቡኝ፤ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ያስተማሩን አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ ማስታወሻ ስይዝ የሚያመልጠኝ ቃል አልነበረም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ለምክር አገልግሎት ትምህርት ውጭ አገር እንዳመለክት ስንወስን፣ ከአይኤልትስ ፈተና ያስፈራኝ የጽሑፉ ክፍል እንጂ የማዳመጡ አልነበረም።

ክፍያው ለቤታችን ቀላል አልነበረም። የጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር ያጠራቀምነው ብር ነው የሄደው። ውጤቱ ሲመጣ በማንበብ 6.5፣ በማዳመጥ ግን 5.5 አገኘሁ። የሚፈለገው በሁሉም 6.5 ነበር። ባለቤቴ «አይዞሽ» አለኝ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ሽንኩርት መክተፍ አበዛሁ፤ እንባዬ ምክንያት እንዲኖረው።

የማዳመጡ ክፍል 40 ጥያቄዎች አሉት፤ በ4 ክፍል ተከፍሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተናጋሪዎቹ ደግሞ አንዱ እንግሊዛዊ፣ አንዷ አውስትራሊያዊት፣ ሌላው ከኒውዚላንድ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ችግሬ የት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የመለማመጃ መጽሐፍ ተዋስኩና አንድ ቅጂ ሰምቼ መለስኩ፤ ከዚያም ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የንግግሩን ጽሑፍ አነበብኩ። የሳትኳቸውን ቦታዎች ሳነብ ሁሉም የማውቃቸው ቃላት ነበሩ። እርስዎም ይህን ያድርጉ። አንብበው የማይገባዎት ከሆነ የጎደለዎት ቃላት ነው፤ የአነጋገር ልምምድም አይጠቅምዎትም። አንብበው የሚገባዎት፣ ሲሰሙት ግን የሚጠፋብዎት ከሆነ ችግሩ ጆሮዎ ላይ ነው።

በዚያ ቅጂ ላይ አንዲት አውስትራሊያዊት የአያት ስሟን ፊደል በፊደል ትናገራለች። ስሙ ቤከር ነው። እኔ የጠበቅሁት «ቢ፣ ኤይ፣ ኬይ፣ ኢ፣ አር» ነበር። ጆሮዬ የሰማው ግን «ቢ፣ አይ፣ ካይ፣ ኢ፣ አ» ነው። ሁለተኛዋን ፊደል አይ ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስተኛዋ ላይ ግራ ተጋባሁ፣ እርሱን ሳሰላስል የስልክ ቁጥሩ አለፈኝ። በአንድ ድምፅ ምክንያት ሁለት ጥያቄ ጠፋ፤ በዚህ ፈተና ፊደል መሳትም እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ጽሑፉን እያየሁ ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። ሴትየዋ ያጠፋችው ነገር የለም። እኛ «ኤይ» የምንለውን ሁሉ ወደ «አይ» ታስጠጋዋለች። ኤይ ብቻ ሳትሆን ኬይም «ካይ»፣ ጄይም «ጃይ»፣ ስምንትም «አይት»፣ ዛሬ ማለትም «ቱዳይ» ትሆናለች። ስለዚህ ቅጂው ሲጀምር «ቱዳይ» የሚል ከሰማሁ፣ ስሟን ለመጻፍ እስክደርስ ድረስ ጆሮዬን አዘጋጅቼ መጠበቅ እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ የ6 ሳምንት ዕቅድ አወጣሁ። ሁለት ሳምንት አውስትራሊያ፣ አንድ ሳምንት ኒውዚላንድ፣ አንድ ሳምንት እንግሊዝ፣ የቀሩት ሁለቱ ቅልቅል። ለአሜሪካ ቅዳሜን ብቻ ሰጠሁ፤ ጆሮዬ ለምዶት ነበርና። እርስዎ ግን በቢቢሲ ያደጉ ከሆኑ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ንግግሮቹን ከአውስትራሊያው ኤቢሲ ሬዲዮ፣ ከኒውዚላንዱ አርኤንዜድና ከቢቢሲ በስልኬ አወረድኩ፤ የቻልኩትን ያህል የተጻፈ ቅጂ ያላቸውን መረጥኩ። ጽሑፍ የሌለው ንግግር ማረሚያ እንደሌለው ደብተር ነው።

ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ልጆቹ ሳይነሡ 30 ደቂቃ እቀመጣለሁ። የምሰማው የ3 ደቂቃ ንግግር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳላቋርጥ እሰማና የገባኝን እጽፋለሁ። ሁለተኛ ላይ እያቆምኩ፣ ያልገባኝን ቃል በጆሮዬ እንደመጣ በአማርኛ ፊደል አሰፍራለሁ። ሦስተኛ ላይ ጽሑፉን ከፍቼ ትክክለኛውን ቃል ከጎኑ በቀይ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ከተናጋሪው ጋር እኩል ድምፄን አውጥቼ እላለሁ። ማታ ደግሞ 10 ደቂቃ ወስጄ የትናንቱን ንግግር ያለ ጽሑፍ እሰማለሁ። በመጀመሪያው ቀን 31 ቀይ ነበረብኝ፤ በዐሥረኛው ቀን በአዲስ ንግግር ላይ 9 ብቻ።

የአማርኛ ፊደል እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኒውዚላንዳውያን ዓሣን «ፊሽ» ሳይሆን «ፍሽ»፣ ወተትን «ምልክ» ወደ ማለት ይጠጋሉ፤ የእኛው ሳድስ ማለት ነው! «ፔን» ደግሞ ወደ «ፒን»፣ «ዴስክ» ወደ «ዲስክ» ይወጣል። ይህን በደብተሬ ካየሁ በኋላ ኒውዚላንድ ከፈራሁት ይልቅ ቀለለኝ።

ያስቸገረኝ እንግሊዛዊው ነው። በቃል መጨረሻና ከተነባቢ በፊት «ር»ን ይውጣታል፤ «ካር ፓርክ» ለእርሱ «ካ ፓክ» ነው። ይህንስ ለመድኩት። ያሞኘኝ ቁጥር ነው። አሜሪካውያን መምህሮቼ አርባን «ፎርዲ»፣ ዐሥራ አራትን «ፎርቲን» ይሉ ስለነበር፣ ጆሮዬ ሳላውቀው «ዲ»ን የአርባ ምልክት አድርጎ ይዞ ኖሯል። እንግሊዛዊው «ፎቲ» ሲል «ቲ» ሰማሁና 14 ጻፍኩ። ለሁለቱም የሚሠራው ምልክት መጨረሻው ነው፤ ዐሥራዎቹ ረዘም ብለው በ«ን» ያልቃሉ፣ ዐሥሮቹ ግን መጀመሪያቸው ላይ ጠንክረው አጭር ሆነው ይቀራሉ። ለአንድ ሳምንት ልጄ ቁጥር የሚነገርባቸውን ቅጂዎች እየከፈተልኝ ቁጥር ብቻ ጻፍኩ።

ያልሠራልኝንም ልንገርዎ። በሦስተኛው ሳምንት እንግዳ በዛብንና «እንጀራ እየጋገርኩ አዳምጣለሁ» ብዬ ጠዋቱን ተውኩት። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ሬዲዮው ጮኸ። እሑድ ማታ ራሴን ስፈትን ቀዩ ወደ 17 ተመልሶ ነበር። ጆሮዬ የሚያውቀውን ቃል ብቻ እየለቀመ፣ ያልገባውን እያለፈ ነበር የከረመው። ፊልምም አይጀምሩበት፤ በፈተናው ያሉት ተናጋሪዎች ጥርት አድርገው የሚናገሩ ናቸው፣ የመንደር ንግግር አይመጣብዎትም።

በመጨረሻው ሳምንት በየቀኑ አንድ ሙሉ ልምምድ፣ አራቱንም ክፍል ሳላቆም ሠራሁ። ራሴን ያዘዝኩት አንድ ነገር ነበር፦ ያመለጠኝን ቦታ ባዶ ትቼ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ።

ለሁለተኛው ፈተና ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ገና ሰላምታ ሲሰጥ ከየት እንደሆነ አወቅሁት። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋብኝ፤ ባዶ ትቼው ሄድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ባለቤቴ ነበር የከፈተው። ማዳመጥ 7 ይላል። «ኧረ እንዲያውም ከማንበብሽ በለጠ!» ብሎ ሳቀ።

ቆርቆሮው ግን እስካሁን አልተቀየረም፤ ክረምት ሲመጣ ባልዲ እንደግናለን።